ከታሸገው በር ሥር

ሙሉመቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ኮሪደሩ መሀል ቆማለች። ዕለቱ እሁድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጇን ውዳሴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ቤቱ ደግሞ የለየለት የፍሳሽ ጉድጓድ ሸትቷል። ባል የላት፣ ወንድም የላት፤ ያላት አንድ ስሟ ነው። «እናቲቱ እንዲህ ከሆነች ልጂቱማ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ቢወጡስ? ወይኔ ሙሉመቤት!

ሽታው የእሷ አይደለም። ቪላው ለሁለት ቤተሰብ ተከፍሎ የተሰጠ ነው። ጎረቤቷ እስጢፋኖስ ወደ አሰብ ሲዛወር ቀበሌው ክፍሎቹን ሁሉ፣ በዚሁ ኮሪደር የሚከፈተውን የእሱን መታጠቢያ ቤት ጨምሮ፣ በወረቀትና በማኅተም አሽጎ ሄደ። ይኸው አራተኛ ወሩ። ሽታው የሚወጣው በዚያ በር ሥር ነው። ዕጣን አጨሰችበት፣ ጨርቅ ወተፈችበት፤ ወይ ፍንክች!

ጠዋት ቀበሌ ሄዳ ሊቀመንበሩን ጓድ ተካን ለምናው ነበር።

«እሽግ የሚከፈተው ሦስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ነው፤ ሁለቱ ዘመቻ ላይ ናቸው» አላት።

«ጓድ፣ ሞቶ የበሰበሰ ነገር ቢኖርስ?»

«የሞተም ቢሆን በመዝገብ ነው የሚወጣው።»

እያጉተመተመች ስትመለስ ሠፈሩን ሁሉ ቧንቧ የሚጠግነውን ሸምሱን መንገድ ላይ አገኘችውና እጁን ይዛ አመጣችው። ሸምሱ በሩ ሥር ተንበርክኮ አሸተተ።

«እትዬ ሙሉመቤት፣ የሞተ ነገር የለም። የደረቀ ነው ያለው።»

«ምን ደረቀ?»

«ወለሉ ላይ ውሃ መውረጃ አለ አይደል? ከሥሩ ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቧንቧ አለ። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል። የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ሰው ካልታጠበበት እየተነነ ያልቃል፤ ከዚያ ሽታው ማን ይከለክለዋል?»

«ታዲያ መድኃኒቱ?»

«አንድ ባልዲ ውሃ።»

ሙሉመቤት በሳቅና በልቅሶ መሀል ሆነች። አንድ ባልዲ ውሃ! እሱንም የሚያስገባ በር ታሽጎ!

ሸምሱ ግን የተወተፈውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ፣ ጉንጩን ወደ መሬት አስጠግቶ በበሩ ክፍተት አጮለቀ። «ወለሉ ከኮሪደሩ ዝቅ ይላል። ታጥቦ እንዲፈስ ደግሞ ወደ መውረጃው ያዘቀዝቃል። እዚህ ያፈሰሱት ውሃ ሌላ የት ይሄዳል? በቀስታ ብቻ። ማኅተሙንም አይነኩት» አለና ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።

የወተፈችውን ጨርቅ ነቅላ በጆግ ማፍሰስ ጀመረች። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ሁለተኛው ባልዲ ሲጋመስ ከውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ሰማች። ጉሮሮውን እንዳራሰ ሰው። «ጠጣ የኔ ጌታ፣ ጠጣ!» አለችው፤ በአራት እግሯ እንደሆነች፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

ዞር ብትል ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከፊት ያሉት የጠያቂው ልጅ አጎት አቶ መኩሪያ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ቀድመው! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መዋሸትም አማራት፤ ግን ምን ብላ? ያላት አማራጭ እውነቱ ነበርና እንዳለ ዘረገፈችው፦ እሽጉን፣ ሲፎኑን፣ የደረቀውን ውሃ። እያወራችም መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች።

አቶ መኩሪያ አልሳቁም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ቆይ፣ ሰው ካልታጠበበት ነው የሚደርቀው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እኛ ቤት የሻወሩ ቧንቧ ከተበላሸ ወዲህ በጓሮ ነው የምንታጠበው። መታጠቢያ ቤቱን የጤፍ ማስቀመጫ አደረግነው። እርጥበት እንዳይነካው ጠብታ ውሃ አናስገባም።»

«ታዲያ ይሸታላ!»

«ሸተተ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ሚስቴን ዘነቡን ‹ቤት ማጽዳት ያቃተሽ› ብዬ በሰው ፊት ዘለፍኳት። ወንድሟ ቤት ብስራተ ገብርኤል ከገባች ሁለት ሳምንቷ።»

ጓደኞቻቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሙሉመቤት እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወንበር አቀረበችላቸው። አየሩ ጠርቶ ነበር፤ የሚሸት ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀመጡም፤ ወጉ ነው፣ ቆመው መጠየቅ አለባቸው። ሁለቱ አቶ መኩሪያ እስኪናገሩ ጠበቁ።

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ሙሉመቤት ሳይሆን ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።

«የመጣንበትን እናንተ ጨርሱት» አሉ። «ስትጨርሱ ግን ጋቢያችሁን እንዳታወልቁ፤ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሄዳችሁ የራሴን ሚስት ትለምኑልኛላችሁ።»