ማርያምን እንቢ ያለው ላፕቶፕ

ወይዘሮ የብርጓል ከሮብ ገበያ ከተማ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ባላቸው ትተውላቸው የሞቱትን መሬት የባላቸው ወንድም በፍርድ ወስዶባቸዋል። ይግባኝ የሚሉበት ስድሳ ቀን ዛሬ ያበቃል። ጉዳይ አዋቂ በእጁ ያረቀቀላቸውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። መዝገብ ቤቱ ግን በኮምፒውተር ያልተጻፈ አይቀበልም፤ በአሥራ አንድ ተኩልም ይዘጋል።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከተደረደሩት የጽሕፈት ሱቆች ክፍት የነበረው ሥራነሽ የምትጽፍበት ብቻ ነው፤ እሷ ላፕቶፕ አላት። ለማተም ደግሞ ጎረቤት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጀነሬተር አስነሥቷል። ላፕቶፑ የአሠሪዋ የአወቀ ነው። ሲሰጣት አንድ ነገር አስጠንቅቋታል፦ «እንዳታጠፊው። ከጠፋ የግዕዝ መጻፊያው ፕሮግራም የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ያለው እኔ ጋ ነው።» ዛሬ እሱ ደምበጫ ለቅሶ ሄዷል።

ሥራነሽ ፈጣን ናት። አንዱን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛው ላይ «ይግባኝ ጠያቂ» ልትል ደረሰች። «ጠ»ን ለመጻፍ ሺፍትን በግራ ትንሽ ጣቷ ተጫነች። አውራ ጣቷ ሸርተት ብሎ አልት ላይ ማረፉን አላወቀችም።

«ቆይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የብርጓል ክንዷን ይዘው። «በምሥራቅ በኩል ኪዳነ ማርያም ነው የሚያዋስነኝ። ብለሻል?»

«እደርስበታለሁ፣ እማማ።» እጇን አነሣች። «ጠ»ን ሳትነካ ሁለቱንም ቁልፎች ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ «ማርያም» ብላ ስትጽፍ የወጣው «፣ቅርይቅ፣» ሆነ።

አጠፋችው። ደግማ ጻፈች። «፣ቅርይቅ፣»። የመሬቱን ቁጥር 12 ብትነካ «&é» መጣ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። አሁን ይስተካከላል።»

አልተስተካከለም። ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ቀይራ ሞከረች፤ «M»ን ስትነካ ኮማ፣ «A»ን ስትነካ «Q»። ሰነዱን አስቀምጣ አዲስ ከፈተች፤ ያው ነው። ቁልፎቹን እፍ አለችባቸው፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው።

«አቧራ ነው?»

«ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም።»

«ማርያምን እንቢ ሲልማ ሰይጣን ነው እንጂ!» አሉና ሳቁ። ሥራነሽ ስላልሳቀች እሳቸውም አቆሙ።

አወቀ ጋ ደወለች። አይገኝም። አጥፍታ ልታበራው እጇን ዘረጋችና ቁጥሩን አስታውሳ መለሰችው። በየሁለት ደቂቃው ዓይኗን ወደ ስክሪኑ ጥግ ትልክና ሰዓቱን ታያለች። ከሰዓቱ በስተግራ ጠዋት ENG ይል የነበረው አሁን FRA ይላል። እሷ የምታየው ሰዓቱን ብቻ ነው። አሥር ከአርባ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ከሩብ።

«ልጄ፣ እኔ የምይዝልሽ ነገር አለ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

«የለም፣ እማማ።»

መዝገብ ቤቱን ዘግቶ የወጣው ሠራተኛ ሙላት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በደጃፉ ሲያልፍ ተከትለውት ወጡ። «የኔ ጌታ፣ ይኸው በእጅ ተጽፏል!»

«በእጅማ አልቀበልም፣ እናቴ። ነገ ይምጡ።»

«ነገማ ቀኑ አልፏል!»

«እንግዲህ» አለና ሄደ።

አሥራ ሁለት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አወቀ ራሱ ደወለ፤ የሆነውን ነገረችው።

«ከሰዓቱ አጠገብ ምን ይላል?»

«ኤፍ፣ አር፣ ኤ።»

«ቁልፎቹ በፈረንሳይኛ አቀማመጥ ሆነውብሽ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ፈረንሳይኛ ይጽፍበት ነበር፤ ሳላወጣው ቀርቼ ነው። ግራውን አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ንኪና ልቀቂ።»

ነካች፣ ለቀቀች። ENG። ማርያም። 12።

«ሆነ?» አለ አወቀ።

«ሆነ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ወይዘሮ የብርጓል ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። «አሁን ጻፈ?»

«ጻፈ።»

«ይኸ ሁሉ ይቺን ለመንካት ነው?»

ሥራነሽ የቀረውን በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈተች። የይግባኝ ቀን ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያቱን ጽፎ ያስፈቅዳል፤ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ብዙ ጽፋለች። የታመመ አለ፣ ሐዘን የደረሰበት አለ፣ ወንዝ የሞላበት አለ።

«የዘገዩበትን ምክንያት ምን ልበል፣ እማማ?»

«የሆነውን በይ።»

«ዳኛው አያምኑም።»

«እኔስ አምኛለሁ? ዓይኔ እያየ የሆነ ነው እንጂ።» ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ጻፊ።»

«ይግባኝ ጠያቂዋ በቀኑ መጥተው ሳለ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ የምትለውን ፈልጋ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ያዘቻቸው። ወይዘሮ የብርጓል ይጠብቃሉ።