በጋዝ ላይ ሠላሳ ቀን

ልብስ ሰፊዋ የውል ማቋረጫ ማስታወቂያውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ለራሷ ብቻ ብላ አልነበረም። ከደረጃው አናት ባለችው ክፍል ከወገቧ በታች የማይታዘዛት እናቷ ተኝታለች፤ ከአልጋዋ ትይዩ፣ ከሥር፣ ተከራይዋ የቡታጋዝ ሲሊንደር ደርድሯል።

ተከራዩን የሰፈሩ ሰው ሳቂታው ይለዋል። ምድር ቤቱን ሲከራይ የፕላስቲክ ባልዲና ሳፋ እሸጣለሁ ብሎ ነበር። ባልዲውም ሳፋውም ዛሬም ከፊት ተደርድሯል። ከኋላ ግን ትልቁን ሲሊንደር በአፉ ደፍቶ ጋዙን በጎማ ቱቦ ወደ ትንንሾቹ ይገለብጣል። ውሉ በአንቀጽ ሰባት ተቀጣጣይ ነገር ማስቀመጥን፣ በአንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ የጋራውን ደረጃና ከሥሩ ያለውን ቦታ መያዝን ይከለክላል። ሰውየው ሁለቱንም ጥሷል፤ ያውም እየደጋገመ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ስታስጠነቅቀው ይቅርታ ጠየቀ፣ ሲሊንደሮቹን በጋሪ ጭኖ ሲወስድ በመስኮት አየችው። ወር ሳይሞላ መለሳቸው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ደግሞ ራሱ መጥቶ፣ "እትዬ፣ ይምጡና ይዩ፣ አጽድቻለሁ" አላት። ከበሩ ቆማ አየች፤ ባልዲ ብቻ። ወደ ኋላው ክፍል ዘልቆ ማየት ሰውን እንደ ሌባ መፈተሽ መሰላትና አፈረች። በወረቀቱ ጀርባ "ታርሟል" ብላ ፈረመችለት። ሲሊንደሮቹ ያን ጊዜ ከደረጃው ሥር በሸራ ተሸፍነው ተቀምጠው ነበር። ይሉኝታ የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ ጨዋነት ብለን እናቆላምጠዋለን እንጂ ሥራው ለጉልበተኛ በር መክፈት ነው። ሳቂታውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሷን "እርስዎ" እያለ፣ አንገቱን እየሰበረ፣ ቤቷን ቦምብ አደረገው።

ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እናቷን ሲያስላት ነው ሸራውን ገልጣ ያየችው። በነጋታው ጠበቃ ዘንድ ሄደች። "ታርሟል ብዬ ፈርሜለታለሁ፣ አበቃልኝ" አለችው።

ጠበቃው ውሉን ሁለቴ አነበበ። "ያኔ አውጥቶ ከሆነ ዛሬ ደገመው፤ ካላወጣ ደግሞ አታሎ አስፈረመዎ። በየትኛውም በር ቢወጣ አንቀጽ ሰባት ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ከደረሰው በኋላ ያንኑ አንቀጽ ከጣሰ፣ በሠላሳ ቀን ማስታወቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ ይላል።"

ማስታወቂያውን አጭር አድርጎ ጻፈላት፤ ስድብ የሌለበት፣ የተጣሱት አንቀጾች፣ የማስጠንቀቂያዎቹ ቀንና የሚለቅበት ቀን የሰፈረበት። ሁለት ምስክር ይዛ እንድትሰጠው፣ አልፈርምም ካለም ምስክሮቹ ያንኑ ጽፈው እንዲፈርሙ ነገራት። ቁልፍ እንዳትቀይር፣ መብራት እንዳትቆርጥ፣ ዕቃውን እንዳትነካም አስጠነቀቃት። ያን ካደረገች ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። ቀኑ ደርሶ አልወጣም ካለ የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ነው።

"እስከዚያስ ጋዙ?" አለችው።

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። "እሱን ውሉ አይመልሰውም። ለእሳት አደጋ ሰዎች ማመልከት ይችላሉ። ግን ይወቁት፣ ከመጡ የእሱን ሱቅ ብቻ ላያሽጉ ይችላሉ።"

ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት። ቤቱ ቢታሸግ መራመድ የማትችል እናቷን የት ትወስዳታለች? የወንድሟ ቤት ራሱን ማስገባት ያቃተው አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ይበቃል፣ ፈርቶ ያነሳዋል፣ ብላ ራሷን አሳመነች።

ምስክሮቹ ወንድሟና ከፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ነበሩ። ወንድሟ ከሱቁ ሳይደርሱ እርምጃዋ ሲዘገይ አይቶ፣ "አምጪው እኔ ልስጠው። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን ጢሜ ይሸፍነዋል" አላት። ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ወረቀቱን ግን አልሰጠችውም።

ሳቂታው ከባልዲዎቹ መሃል ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበና ሳቀ።

"እትዬ፣ ራስዎ ታርሟል ብለው ፈርመዋል እኮ። ፊርማዎ እዚህ አለ።"

"አልክድም" አለች። "ታርሟል ያልኩት ነገር ዛሬም እዚያው ስላለ ነው የመጣሁት።"

"ልጅዎ እኮ ነኝ። ለባልዲ ሻጭ ጠበቃ ይገዛል?"

"ልጄ ብትሆን በአያትህ አልጋ ሥር ጋዝ አትገለብጥም ነበር።"

ጫማ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሳቂታው እሱንም ወንድሟንም ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና መድረሱን በአንዱ ቅጂ ላይ ፈረመ። ሌላውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መፈረሙ ከእምቢታ ይልቅ አስፈራት።

"ሠላሳ ቀን አለኝ ማለት ነው" አለ። "እስከዚያ ቤቱ የእኔ ነው። ማንም አይነካኝም፣ አይደል?" ወደ ኋላው ክፍል ዞሮ እዚያ ላለው ሠራተኛው፣ "ቀጥል" አለው። ከጀርባ ጋዙ ሲገለበጥ የእባብ የሚመስል ፉጨት ተነሣ።

ደረጃው ሥር ስትደርስ ጨለማ ነበር። እንደ ልማዷ እጇን ወደ መብራት ማብሪያው ሰደደች፤ ጣቷ ከነካው በኋላ ሽታው አፍንጫዋን መታው። እዚያው ደርቃ ቀረች። እጇን እንዴት እንደምታነሳ ጠፋት፤ ማብሪያው ራሱ የሚነክሳት መሰላት። ወንድሟ ከኋላዋ ክንዷን ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰላት።

ሠላሳ ቀን ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ወረቀቱ ቀን ይቆጥራል፤ ጋዙ ግን ቀጠሮ አያውቅም። አንዲት ጣት፣ ያውም የራሷ፣ ትበቃለች።

"እማዬን እናውርዳት" አለች።

"ወዴት?"

"ውጭ። ከዚያ በኋላ ነው የምደውለው፤ እዚህ ውስጥ ስልክ እንዳታወጣ።"

እናቷን ከአልጋው አንሥተው ወንበር ላይ አስቀመጧትና ከነወንበሩ ተሸክመው በጨለማው ደረጃ አወረዷት። ወንድሟ የኋሊት እየወረደ እግሩን በየእርከኑ ይዳብሳል፤ እሷ ከላይ መደገፊያውን ይዛለች። እናቷ በየመሃሉ፣ "ምን ሆናችሁ ነው? ሰው ሞተ?" ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ የደረጃውን ብረት እንዳይገጭ ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ብልጭታ የሚወጣው ከየት እንደሆነ ማን ያውቃል? ጫማ ሰፊው በረንዳው ላይ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ለእሳት አደጋ ደወለች።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ ሲመጡ መንገደኛውን ሁሉ አራቁት፣ መብራቱን ከምሰሶው አስቆረጡ፣ ሲሊንደሮቹን እያቀፉ አወጡ። አለቃቸው ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ እታች እንደሚተኛ፣ የደረጃው ሥርም እንደ ጉድጓድ እንደሚያጠራቅመው ለወንድሟ ነገረው። ከዚያ ወደ እሷ መጣ። ጠቅላላ ምርመራ እስኪደረግ ቤቱ በሙሉ ይታሸጋል፤ ላዩም ታቹም።

ሳቂታው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ሳቀ። "እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ያስወጡት ራስዎን ነው!"

ዞር ብላም አላየችው። አለቃውን ለጠበቃዋ የሚሆን የሪፖርቱን ግልባጭ ጠየቀችው፤ የማስታወቂያው ሠላሳ ቀን ዛሬ ጀምሯል፣ ሲያልቅም አልወጣም ካለ ፍርድ ቤት እንደምትቆም ታውቃለች። የውጩ በር ታሸገ።

እናቷ የታሸገውን በር አየችና፣ "መቼ ነው የምንመለሰው?" አለቻት።

"አላውቅም፣ እማዬ።"

"ታዲያ የት እናድራለን?"

ይህንንም አላወቀችም። ጎንበስ ብላ የእናቷን እግር በነጠላዋ ጠቀለለችና ከወንድሟ ጋር ወንበሩን እንደገና አነሡት።