ሦስት አፍ፣ አንድ ግምት

ሪፖርተሯ ከተቃጠለው ገበያ ስትመለስ ጫማዋ አመድ ለብሶ፣ ልቧ ትኩስ ወሬ ይዞ ነበር። ቁጭ ሳትል ጻፈችው፦ «አንድ በያጅ በረጨው ብልጭታ ገበያው ጋየ።»

የዜና አርታኢውን የሬዲዮ ጣቢያው ሰው ሁሉ «ጋሽ ቀስ በል» ይለዋል። ዜና ሊነበብ ሲል እንኳ ሻዩን ሲያማስል አይጣደፍም። ጽሑፉን አነበበና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ብልጭታውን አየሽው?»

«ኸረ ጋሼ፣ ስደርስ እሳቱ ጠፍቷል። ግን ሦስት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ነገር ነው የነገሩኝ። ፖሊስም ሰውየውን ይዞታል።»

«ታዲያ እነሱስ ከየት አመጡት?»

ይህን አልጠየቀቻቸውም ነበር። ስልኩን አነሳች። ጫማ ሻጩ ከልብስ ሻጯ ነው የሰማው፤ ሽንኩርት ሻጩም ከእሷው። ልብስ ሻጯ ደግሞ፣ «እኔማ ጭሱን አይቼ ነው የሮጥኩት፣ እህቴ። ከእሱ ሌላ እዚያ እሳት የሚነካ ማን አለ ብዬ ነው» አለቻት።

«ሦስት አፍ፣ አንድ ግምት» አለ ጋሼ።

ፖሊስ ጋ ደወለች። ሰውየው የተያዘው ለምርመራ ነው፤ መንስኤው ገና አልታወቀም።

ስልኩን እንዳስቀመጠች የበያጁ ሚስት ወደ ጣቢያው ደወለች። «ልጄ፣ ሰው ቤታችን በር ላይ ድንጋይ ይዞ ተሰብስቧል። ገበያው እኮ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረውም! በምን ይበይዳል?»

ሪፖርተሯ የመጀመሪያውን መስመር ሰርዛ «በያጁ ንጹሕ ነው» ብላ ጻፈች።

«አሁን ደግሞ ከገደሉ ወጥተሽ ወደ ወንዙ!» አለ ጋሼ። «ይህም የእሷ ቃል ነው። የሚጣራውን አጣሪው፤ የማይጣራውን ማን እንዳለው ተናገሪ።»

የመብራት መሥሪያ ቤቱን ጠየቀች። እውነት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ የገበያው ሰፈር መብራት አልነበረውም። ጀነሬተርስ? ሚስቱ የለንም ብላለች፤ ሌላ የሚያውቅ አልተገኘም።

ዜናው እንዲህ ተነበበ፦ «የገበያው ሱቆች መቃጠላቸውን ባልደረባችን በቦታው ተገኝታ አይታለች። ፖሊስ አንድ በያጅ ለምርመራ መያዙን፣ መንስኤው ግን ገና አለመታወቁን ገልጿል። አንዳንድ ነጋዴዎች እሳቱን ያስነሳው እሱ ነው ይላሉ፤ ያነጋገርናቸው ሦስቱ ግን እሳቱ ሲነሳ አላዩም። የበያጁ ሚስት መብራት ስላልነበረ አልበየደም ብላለች። መብራት ጠፍቶ እንደነበር መሥሪያ ቤቱ አረጋግጧል፤ በያጁ ጀነሬተር ይኑረው አይኑረው ግን ማረጋገጥ አልቻልንም።»

ብዙም አልቆየ፣ ልብስ ሻጯ ደወለች። ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል።

«እህቴ፣ እኔም እዚሁ በያጁ በር ላይ ነኝ። ዜናውን በስልክ ከፍተን ሰማን። አንዱ ‹ለመሆኑ በዓይኑ ያየ አለ?› አለ። እኔው ነኝ ያወራሁት፣ ግምት ነው አልኳቸው። ሲሰድቡኝ አትጠይቂኝ! ግን ድንጋዩን ጣሉ፤ ምርመራው ይለይልን ብለው እየተበተኑ ነው።»

«ተመስገን!» አለች ሪፖርተሯ። ብዕሯን አነሳችና ወደ ጋሼ ዞረች። እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ የበያጁን ሚስት ቁጥር መታች።

«እናቴ፣ ሰዎቹ ሄዱ የሚል ሰማሁ። እስቲ ውጪ አይተሽ ንገሪኝ።»

በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ።

«ሄደዋል፣ ልጄ። መንገዱ ባዶ ነው።»