የመምህሩ ክራቫት

ተማሪዋ የፊዚዮሎጂን የቃል ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ዛሬም ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። ፈታኙ መምህር ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን አንቆ የያዘውን ክራቫት ይበልጥ አጠበቀ። ሰው ማባረር በደንብ መልበስ ይጠይቃላ!

ሰሌዳው ላይ የግራውን የልብ ክፍል የግፊትና የመጠን ግራፍ ስሏል።

«በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣው መስመር ላይ ስንት የልብ በር ክፍት ነው?»

«አንድ... መሰለኝ፣ መምህር።»

«መሰለኝ! በሽተኛውንም ‹የሞትክ መሰለኝ› በይው!»

መስመሩን ሊያሳያት አንገቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞር ፊቱ ነጣ፤ ራሱን ስቶ ተዝለፈለፈ። ተማሪዋ ደግፋ ወለሉ ላይ አስተኛችውና ክራቫቱን ፈታችለት። ወዲያው ዓይኑን ገለጠ።

«ምን ነካኝ?»

«ክራቫቱ ነው፣ መምህር። አንገትዎ ውስጥ ያለውን የደም ግፊት የሚለካ ነርቭ ሲጫነው አንጎልዎ ግፊቱ የበዛ መሰለው። ልብዎን አዘገየ፣ ደም ሥሮችዎን አላላ። ግፊትዎ ወረደ።»

«ይሄን ማን ጠየቀሽ?» አለ እንደተጋደመ። «በሩስ?»

ተማሪዋ ቀና ብላ ግራፉን አየች። ግፊቱ ይወጣል፤ መጠኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«አንድም አልተከፈተም። ደም አይገባም፣ አይወጣም።»

«አልፈሻል» አለ፣ ሞት እንደተፈረደበት ሰው። ተነሥቶም ክብሩን ለመመለስ ክራቫቱን እንደ ቀድሞው አጠበቀና «ቀጣይ!» ብሎ ለመጣራት አንገቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ተማሪዋ ከመውጣቷ በፊት ወንበሩን ከኋላው አስጠጋችለት።