ከበሩ የማይታየው

እናቴ ሉጥፊያ የምትሠራበትን የካርቱም ሪያድ ሰፈር ኩሽና፣ ከነእሷ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራሁት፤ የመጀመሪያዬ ነው። የብሌንደር ፀሐይ የትም ብትቀመጥ ለውጥ የለውም፤ ወሳኙ አቅጣጫዋ ነው። ከማጠቢያው በላይ ባለው መስኮት እንድትገባ አዞርኳት፤ ካሜራውን በሩ ላይ አቆምኩና ምስሉን አውጥቼ በኩራት አሳየኋት።

«ማሻአላህ፣ ቁርጥ ራሱ!» አለች። ቆይታ ግን፣ «ጀርባዬን ነው የሠራሽው። ማዳምም በሩ ላይ ቆማ ስታዘኝ የምታየው ይሄንኑ ነው» አለችኝ።

«እሱማ ቀላል ነው እማ፤ ካሜራው ይዞራል።»

ካሜራውን መስኮቱ ጋ ወስጄ ወደ እሷ አዞርኩና ምስሉን እንደገና አወጣሁ። ብርሃኑ ፊቷ መሆን ያለበት ቦታ ላይ በደንብ አርፏል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ልሙጥ ነው። ከበሩ አይታይም ብዬ ትቼው ነበር።