አርባኛው ጥንድ ጫማ

ይህ ታሪክ ጠብታ ያልተጨመረበት እውነት ነው፤ ውሸት ከሆነ የጫማ ነጋዴው ምላስ ይቆረጥ! ሰውየው አርባ ጥንድ ጫማ፣ ሲደርስ እንዲከፈል በዕቃ አድራሽ ድርጅት ለደንበኞቹ ላከ። የማድረሻው ዋጋ ተቀንሶ የሠላሳ ሰባቱ ገንዘብ ገባለት፤ ደንበኛ ሳይወስደው የተመለሰ ጫማ በሚጻፍበት መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ጥንድ ብቻ ነው። የቀረው አንዱ ካልተገኘ ጫማዎቹን ካደረሰው የድርጅቱ ሞተረኛ ደመወዝ ሊቆረጥ ነው። ነጋዴው ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ የትእዛዝ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረና ጉዱን አወጣው፤ ጫማው ተመልሶ ተፈርሞበታል፣ መዝገብ ላይ ግን አልሰፈረም!

«ወንድሜ፣ ነፃ አወጣሁህ!» ብሎ ሞተረኛውን አንቆ አቀፈው። «ሒሳብ እኮ ደሜ ውስጥ ነው!»

ሒሳብ ያዥዋ ሚስቱ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ የመለሰበትን ደረሰኝ ያሳየንም እሱ ራሱ ነው» አለች። «የፈረምከው አንተ፣ ጫማው ደግሞ ይኸው እግርህ ላይ።»