ሌላው ክፍት ቦታ

ሄልካ በፊንላንዷ ታምፐሬ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የማሽን ፋብሪካ የግዢ ክፍል ኃላፊ ለመሆን ተወዳድራ ነበር። የፋብሪካው ቅጥር ክፍል ሠራተኛ ዮኒ ደወለና፣ «አዝናለሁ፣ ከውስጥ ሰው መርጠናል» አላት።

ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ «የግዢ ሠራተኛም ትፈልጋላችሁ አይደል? ለእሱ ብታዩኝስ?» አለች።

«እሱ እኮ ለእርስዎ ዝቅ ይላል፣ ወይዘሮ ሄልካ።»

«ቤት ከመቀመጥ ይብሳል?»

ዮኒ ሳቀና ማስረጃዋን ለሚመለከተው ኃላፊ አስተላለፈላት። በሳምንቱ ለቃለ መጠይቅ ስትገባ የጠበቃት ቲሞ ነበር። የኃላፊነቱን ቦታ ያገኘው እሱ ነው፤ አሁን ሰው የሚፈለገውም እሱ ለለቀቀው ወንበር ነው።

«በፊተኛው ፈተና ስለ ዕቃ አቅራቢዎች ያዘጋጁትን ዕቅድ አይቼዋለሁ» አላት ፈገግ ብሎ። «ግሩም ነው! ሥራ ላይ እያዋልነው ነው።»

«እሱን ያዘጋጀሁት አሁን እርስዎ ለተቀመጡበት ቦታ ነበር።»

ቲሞ ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ምን አለ፣ አብረን እንሠራዋለና!»

በማግስቱ ዮኒ ደስ ብሎት ደወለ፤ «ተቀብለውዎታል!» ሄልካ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። ባሏ «እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ሊያቅፋት ሲመጣ፣ «እስቲ ተወኝ፤ በገዛ ዕቅዴ ሊያዝዙኝ ነው የቀጠሩኝ» ብላ ፊቷን አዞረችበት።